ከአርብ ማታ እስከ እሁድ ማታ፦ ከአዲስ አበባ ተነስቶ የትኛው ከተማ ያዋጣል?

ሐዋሳ ቅርብ ነው፣ ድሬዳዋ ሩቅ ነው። በኪሎ ሜትር ካየነው እውነት ነው። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድሬዳዋ በመንገድ ከ400 በላይ ነው። ግን አርብ ከሥራ ወጥቶ እሁድ ማታ ቤቱ መግባት ለሚፈልግ ሰው ኪሎ ሜትሩ ብዙም አይጠቅመውም። ከቤቱ በር እስከ ሆቴሉ በር ያለው ሰዓት ሲቆጠር ሁለቱ ከተሞች እኩል ይሆናሉ። እንዲያውም እሁድ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ትቀርባለች። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች ስንወርድ ይታያል።

ይህ ንጽጽር ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ነው። አራት ምርጫዎች ቀርበዋል፦ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ከሐረር ጋር እና ባሕር ዳር። የትኬትና የሆቴል ዋጋ አልጻፍኩም። ዛሬ ብጽፈው ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። የትኛው ከየትኛው እንደሚወደድና ለምን እንደሚወደድ ግን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ መለኪያው

አርብ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቢሮ ወጣችሁ እንበል። እሁድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት መግባት ትፈልጋላችሁ። በመሃል 52 ሰዓት አለ። ሁለት ሌሊት ስምንት ስምንት ሰዓት ብትተኙ 36 ይቀራል። የደርሶ መልስ ጉዞ የሚወሰደው ከዚህ 36 ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መለኪያ በር ለበር የሚፈጀው ጊዜ ነው። "በረራው አንድ ሰዓት ነው" የሚለውን እርሱት። ወደ ቦሌ የሚወስደው የአርብ ትራፊክ፣ ፍተሻው፣ ጥበቃው፣ ከዚያኛው ኤርፖርት ወደ ሆቴል ያለው መንገድ ሁሉ ተደምሮ ነው የሚታየው።

ሁለተኛው መለኪያ የትኛውን ሰዓት እንደምትከፍሉ ነው። ሰዓት ሁሉ እኩል ዋጋ የለውም። አርብ ማታ በጉዞ ያለፈ ሦስት ሰዓት ብዙም አይቆጭም፤ ቤት ብትሆኑም ቴሌቪዥን ፊት ነበር የሚያልቀው። እሁድ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያለው ግን ብርሃን ያለው፣ ምሳ ተበልቶ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ነው። እሱን መንገድ ላይ መጨረስ ያማል።

ሦስተኛው፣ አርብ ማታውኑ በሰላም መድረስ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። የአገር አቋራጭ አውቶብሶች ጎህ ሲቀድ ነው የሚነሱት፤ ማታ አይሄዱም። የራሳችሁ መኪና ቢኖርም ከፈጣን መንገዱ ውጭ በጨለማ መንዳት ሌላ ጉዳይ ነው። አርብ ማታ ካልተደረሰ ሁለት ሌሊት የነበረው አንድ ሌሊት ይሆናል።

አራተኛው ከደረሳችሁ በኋላ ያለው ነው። ከተማው በእግርና በባጃጅ ያልቃል ወይስ እያንዳንዱ ቦታ ሌላ ጉዞ ይጠይቃል? ዋጋውን መጨረሻ ላይ እናየዋለን፤ ስንት ሆናችሁ እንደምትሄዱ ይወስነዋል።

አዳማ፦ ጉዞው የማይቆጠርበት

አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ያለው የክፍያ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ራሱ አንድ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። የሚያስቸግረው ከከተማ መውጣቱ ነው። አርብ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ከመሃል ከተማ እስከ ቱሉ ዲምቱ ለመድረስ ብቻ አንድ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። በር ለበር ሁለት ሰዓት ያዙ። መኪና የሌለው ሰው ቃሊቲ መናኸሪያ ሄዶ ሚኒባስ ይይዛል። አርብ ማታ ሰው ስለሚበዛ ሰልፍ አለ፤ ቢሆንም ይደረሳል።

ከ36 ሰዓቱ 32ቱ ይተርፋል። ከአራቱ የሚስተካከለው የለም። ታዲያ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ነው አዳማ የምትደክመው። የንግድና የስብሰባ ከተማ ናት። ሞቅ ያለች፣ ምግቡ ጥሩ፣ ማታ ማታ በእግር የሚዞርባት ናት። "ይህን ሳላይ አልመለስም" የሚባል ነገር ግን ብዙ የላትም። እንቅልፍ ለጎደለው ሰው፣ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ መጨዋወት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጉድለት አይደለም። ከተማ ማየት የፈለገ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ይሰለቻል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያውቅ ቢሾፍቱን ይመርጣል። ቢሾፍቱ ደግሞ ከአዳማ በግማሽ ትቀርባለች፤ ሆራ፣ ባቦጋያና ሌሎቹ ሐይቆች አሏት። ግን እዚያ የምትሄዱት ከሐይቅ ዳር ሪዞርት ገብታችሁ ላለመውጣት ነው፤ ከተማ ለማየት አይደለም። ለዚያ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁማችሁ ስልክ ደውላችሁ ክፍል ያዙ። የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ ባለው የኢሬቻ እሁድ ግን አትሞክሩት። መንገዱም ሆቴሉም ሙሉ ነው።

ሐዋሳ፦ ሁሉም የሚያስባት፣ ሰዓቷን ማንም የማያሰላት

ሐዋሳ ለከተማ ሽርሽር የተሠራች ትመስላለች። ሜዳ ናት፣ ጎዳናዎቿ ሰፊ ናቸው፣ ሐይቁ ከከተማው ጋር ተያይዟል። ሐይቁ በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ውሃው ላይ ነው፤ ለዚህም ነው ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ሰው የሚሞላው። ጠዋት አሞራ ገደል ትሄዳላችሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ጎትተው ያወጣሉ፤ ዓሣው እዚያው እየተገፈፈ ይበለታል። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰብረው ቆመው ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ። የዓሣ ሾርባ በብርጭቆ፣ ሙሉ ጥብስ፣ የደፈረ ደግሞ ጥሬውን በዳጣ። ምግባችሁን ግን ከጦጣ ጠብቁ።

ችግሩ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ በክፍያ መንገድ፣ ከሞጆ እስከ ባቱ በሌላኛው ፈጣን መንገድ ትነዳላችሁ። እስከዚህ ድረስ ጨለማም ቢሆን አያስፈራም። ከባቱ ወዲያ በነባሩ መንገድ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ በኩል 100 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ይቀራል። እዚህ ላይ ነው ሰዓቱ የሚበላው። ጋሪ መብራት የለውም። ከብት ከመንገድ ዳር ድንገት ይገባል። የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቅጠል ተጎዝጉዞለት መሃል መንገድ ይቆማል። ሻሸመኔ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል። ፈጣን መንገዱ እስከ ሐዋሳ ሲዘልቅ ይህ ሂሳብ ይለወጣል። እስከዚያው በር ለበር አምስት ሰዓት አስቡ። አርብ 11 ተኩል የወጣ ሰው ከምሽቱ 4 ተኩል ላይ ይደርሳል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት ደግሞ የነዳው በከፋው መንገድ፣ በጨለማ፣ ደክሞት ነው።

እኔ ይህን አልመክርም። የተሻለ መላ አለ፦ አርብ ባቱ እደሩ። ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ አብዛኛው ፈጣን መንገድ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እራት ትበላላችሁ። ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ በብርሃን ስትነዱ 2 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ናችሁ። የዓሣ ገበያው ደግሞ የጠዋት ነገር ስለሆነ ምንም አላመለጣችሁም። የባቱ ሆቴል ከሐዋሳው ስለሚረክስም ኪስ አይጎዳም።

መኪና የሌለው ሰው አርብ ማታ የሚሄድበት አስተማማኝ ነገር የለም። ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ አውቶብስ መያዝ ነው ያለው። ከሰዓት በፊት ይገባል፣ እሁድ ደግሞ ከቀትር በፊት መነሳት አለበት። ሐዋሳን አንድ ቀን አየ ማለት ነው። ለዚህ ሁለት ቀን መጉላላት አያዋጣም።

አውሮፕላንስ? በረራው ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ቦሌ ለመድረስ አንድ ሰዓት፣ ከበረራው በፊት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከደረሱ በኋላ ወደ ከተማ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ጨምሩበት። አራት ሰዓት ሆነ። ከመኪናው ያተረፋችሁት አንድ ሰዓት ነው። ለአንድ ሰዓት የአውሮፕላን ትኬት መግዛት ብዙም አይታየኝም። የአርብ ማታና የእሁድ ማታ በረራ ካገኛችሁ ግን ትርፉ ሌላ ነው፤ በጨለማ መንዳት ይቀርላችኋል፣ እሁድን ደግሞ ሙሉውን ታገኛላችሁ።

እሁድ ላይ እናተኩር። በመኪና የሄደ ሰው ፈጣን መንገዱ ላይ በብርሃን ለመድረስ ከሐዋሳ በ8 ሰዓት መውጣት አለበት። 8 ሰዓት ላይ ወጥቶ ሻሸመኔን፣ ነገሌን፣ ባቱን አልፎ ፈጣን መንገዱ ላይ ሳለ ይመሽበታል፤ ያ ችግር የለውም። 10 ሰዓት የወጣ ግን ወደ ቱሉ ዲምቱ ሲቃረብ ከአዳማና ከቢሾፍቱ የሚመለሰው ሕዝብ ሁሉ ክፍያ ጣቢያው ላይ ተሰልፎ ይጠብቀዋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ላላቸው አንድ ቃል። ብዙ ሞዴሎች በፈጣን መንገድ ሲነዱ ቻርጃቸው ከከተማው ይልቅ ቶሎ ያልቃል። 275 ኪሎ ሜትሩ በወረቀት ቢበቃም ሐዋሳ የምታድሩበት ሆቴል ማስሞያ እንዳለው ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አትነሱ። "ሶኬት አለ" ከተባላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሰክታችሁ ማደር እንደሚቻልም ጠይቁ።

ድሬዳዋና ሐረር፦ ሩቅ መስላ የምትቀርበው

የበረራው ነገር እዚህ ላይ ይገለበጣል። ወደ ድሬዳዋ የሚበረው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሐዋሳው በጥቂት ደቂቃ ነው የሚበልጠው። ቦሌ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ያው ነው። የድሬዳዋ ኤርፖርት ደግሞ ከተማው ጫፍ ላይ ነው፤ ሻንጣ ካልላካችሁ ከአውሮፕላኑ ወርዳችሁ በግማሽ ሰዓት ሆቴል ናችሁ። በመንገድ ከሄዳችሁ ግን ሙሉ ቀን ይፈጃል። ባቡሩ ደስ ይላል፣ ግን ከፉሪ ለቡ ጠዋት ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሄደው፤ በየቀኑም አይደለም። ለእረፍት ሳምንት እንጂ ለአርብ ማታ አይሆንም።

ሂሳቡን እንሥራው። ትኬቱ 20:30 ይላል እንበል፤ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። 11 ተኩል ከቢሮ ወጣችሁ፣ 12 ተኩል ቦሌ የአገር ውስጥ ተርሚናል ደረሳችሁ። የተረፈው ጊዜ ለፍተሻና ለመሳፈሪያ ነው። 3 ተኩል ድሬዳዋ አረፋችሁ፣ 4 ሰዓት ላይ ክፍላችሁ ውስጥ ናችሁ። አራት ሰዓት ተኩል ነው። በመኪና ወደ ሐዋሳ ከሚሄደው ሰው በፊት ደረሳችሁ፤ መሪ አልያዛችሁም፣ አልደከማችሁም።

እሁድም እንዲሁ። የመመለሻው በረራ ከምሽቱ 1 ሰዓት ቢሆን ኤርፖርት የምትገቡት 11 ሰዓት ላይ ነው። የሐዋሳው ተጓዥ 8 ሰዓት ላይ መኪና ሲያስነሳ እናንተ ምሳ ላይ ናችሁ። 3 ሰዓት የብርሃን ጊዜ አተረፋችሁ። መግቢያ ላይ የጠቀስኩት ይህን ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የአርብ ማታና የእሁድ ማታ በረራ ሲገኝ ብቻ ነው። የበረራ ሰዓት እንደ ወቅቱ ይቀያየራል። ያገኛችሁት የቅዳሜ ጠዋትና የእሁድ ቀትር ከሆነ ድሬዳዋ ከዝርዝሩ ትወጣለች፤ ያኔ አዳማ ይሻላል።

አሁን ወደ ጥያቄው፦ ድሬ ብቻ ወይስ ሐረርም? ሐረር ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ሚኒባሱ ደንገጎን እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ሙቀቱ ኋላ ይቀራል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ጆሮ ድፍን ይላል። ሐረማያን፣ የጫቷን አወዳይን አልፎ ሐረር ይገባል። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበላል፤ 27 ሰዓት የነበረው 24 ተኩል ይሆናል።

እኔ ብሆን ይህን ሁለት ሰዓት ተኩል እከፍላለሁ። እንዲህም አደርገዋለሁ። አርብ ድሬ ማደር። ቅዳሜ ጠዋት ፈቲራ በማር በልቶ ፀሐይ ሳይበረታ ከዚራን በእግር መዞር፤ ጥላው፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ የፈረንሳይ አሠራር ያላቸው ቤቶች እዚያ ናቸው። 4 ሰዓት ገደማ ወደ ሐረር መውጣት። በዚህ ሰዓት መውጣቱ ምክንያት አለው፤ ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ትሞቃለች፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ ይገባል። የማይቅም እንግዳ ያን ጊዜ ከመተኛት ሌላ ሥራ የለውም። ሐረር ደግሞ ደጋማ ስለሆነች በዚያው ሰዓት ትመቻለች።

ጀጎል በእግር የሚያልቅ ነው። በሸዋ በር ግቡ፣ ፈረስ መጋላ ድረስ ውረዱ፣ ከዚያ የሰፊዎቹ ሲንጀር በሁለቱም በኩል በሚንጫጫበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ ሂዱ። አንድ የሐረሪ ቤት ውስጥ ግቡና ነደባ በሚባለው መደብ ላይ ተቀመጡ፤ ግድግዳውን የሸፈኑትን ሰፌዶች ከዚያ ማየት ነው። በዩኔስኮ መዝገብ ከ2006 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ የሰፈረው ይህ ሁሉ ነው። ሙዚየሞቹን ቅዳሜ ጨርሱ፤ እሁድ ክፍት ይሆናል ብላችሁ አትተማመኑ።

ቅዳሜ ሐረር ማደር የግድ ነው። ሰዎች ጅቦቹን ሲመግቡ የሚታየው ከመሸ ነው፤ ያን አይቶ በዚያው ሌሊት ደንገጎን መውረድ ጥሩ አይደለም። እሁድ ጠዋት ቡና ጠጥታችሁ፣ ከ7 ሰዓት በፊት ወደ ድሬ ውረዱ። ምሳ፣ ከዚያ ቀፊራ ገበያ፣ ከዚያ ኤርፖርት። ከሐረር በቀጥታ ለበረራው ልድረስ የሚል ሰው ቢያንስ የአንድ ሰዓት ትርፍ ይያዝ። ደንገጎ ላይ አንድ ከባድ መኪና ከቆመ መንገዱ እንዳለ ይቆማል።

ባሕር ዳር፦ ሰዓቷ ይስማማል፣ ሁኔታዋን ጠይቁ

በሰዓት ብቻ ካየነው ባሕር ዳር ከድሬዳዋ ጋር እኩል ናት። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ፣ ኤርፖርቱ ለከተማው ቅርብ። ከደረሳችሁም ሐይቁ ዳር ዘንባባው ስር በእግር መሄድ ራሱ ይበቃል።

ጣና ላይ ለመውጣት ጠዋትን ምረጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ያስቸግራል፤ የማዕበል ልምድ የሌለው ሰው ይታመማል። ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ደን መሃል በእግር ይወጣል። ሥዕሉን አይቶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይበቃል። ክብራን ገብርኤልን ለማየት ያሰባችሁ ጥንዶች ካላችሁ ሴት እንደማይገባበት አስቀድማችሁ እወቁ፤ አንዱ ጀልባ ላይ እንዳይቀር። ጀልባ ለብቻ ከመከራየት ከሌሎች እንግዶች ጋር መካፈል ብዙ ያቀላል፤ ይህን አርብ ማታ ለሆቴሉ መንገር ነው።

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደዚያ መሄድ ሌላ ግማሽ ቀን ነው። ፏፏቴው የሚያምረው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ቀጭን ሆኖ ታገኙታላችሁ። በበጋ የሚሄድ ሰው ይህን ግማሽ ቀን ይቆጥብ።

የጸጥታውን ጉዳይ ሳልጠቅስ አላልፍም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት በመኪና መሄድ የሚመከር አይደለም፤ ለቅዳሜና እሁድማ ሰዓቱም አይበቃም። በአውሮፕላን ብትሄዱም ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከተማው ውስጥ ለሚኖር ዘመድ ወይም ለሆቴሉ ደውሉ። "ሰላም ነው ወይ" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ሁሉም "ሰላም ነው" ይላችኋል። ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል፣ ጀልባ በዚህ ሳምንት ወጥቷል ወይ፣ ከኤርፖርት ማታ የሚቀበል መኪና አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተወላገደ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ጎንደር፣ ጅማና አርባ ምንጭስ የሚል ይኖራል። ሁሉም በአውሮፕላን ይደረሳል። ግን የአርባ ምንጭ ደስታው ፓርኩና ሐይቁ ነው፤ ለከተማ ሽርሽር አይቆጠርም፣ ሁለት ቀንም አይበቃውም። ጎንደርን ከባሕር ዳር ጋር ያነሳነው ጥንቃቄ ይመለከታታል። ጅማ ወደፊት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባታል።

በአንድ ላይ ሲታይ

| | አዳማ | ሐዋሳ በመኪና | ድሬዳዋ (ከሐረር ጋር) | ባሕር ዳር |
|---|---|---|---|---|
| መጓጓዣ | መኪና ወይም ሚኒባስ | የራስ መኪና | አውሮፕላን | አውሮፕላን |
| በር ለበር፣ አንድ መንገድ | 2 ሰዓት | 5 ሰዓት | 4 ሰዓት ተኩል | 4 ሰዓት ተኩል |
| ከ36 ሰዓቱ የሚተርፍ | 32 | 26 | 27 (ሐረር ከተጨመረ 24 ተኩል) | 27 |
| አርብ ማታ መድረስ | ይቻላል | ባቱ ማደር ይሻላል | የምሽት በረራ ካለ | የምሽት በረራ ካለ |
| እሁድ ከከተማው መውጫ | እስከ ምሽት | 8 ሰዓት | 11 ሰዓት ገደማ | 11 ሰዓት ገደማ |
| እዚያ መዘዋወር | በእግር፣ በባጃጅ | በእግር፣ በባጃጅ | በእግር፣ በባጃጅ፣ ለሐረር ሚኒባስ | በእግር፣ በጀልባ |
| ወጪ ለአንድ ሰው | ዝቅተኛ | አራት ከሆኑ መካከለኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ |

ሰንጠረዡ ላይ የምትተርፈው አዳማ ናት፤ ግን 32 ሰዓት ተርፎ የሚሠራ ከጠፋ ሰዓቱ ምን ይሆናል? ለዚህ ነው ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ የምለው።

ለማን የቱ?

ገንዘብ ላጠረውና መኪና ለሌለው አዳማ ነው። ሚኒባስ፣ አንድ መካከለኛ ሆቴል፣ ጥሩ ምሳ። ሌላው ሁሉ ወይ ትኬት ወይ መኪና ይጠይቃል።

ልጆች ላሉት ቤተሰብ ሐዋሳ በመኪና ይሻላል፤ በባቱ አድሮ ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የነዳጁና የመንገዱ ክፍያ አንድ ሰውም ቢሄድ አምስትም ቢሄዱ ያው ነው። የአውሮፕላን ትኬት ግን በሰው ቁጥር ይባዛል። ልጆች ደግሞ ጦጣና ጀልባ ካገኙ ሌላ አይጠይቁም። ነዳጅ ሐሙስ ቅዱ፤ አርብ ከሰዓት ማደያ ሰልፍ ላይ ከቆማችሁ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል።

ለጥንዶች፣ ወይም ሁለት ሆነው የተሻለ ለማውጣት ለተዘጋጁ፣ ድሬዳዋና ሐረር። በ52 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጭራሽ የማይመሳሰሉ ከተሞች የሚታዩበት ሌላ ምርጫ አላገኘሁም። ሙቀት የማይችል ሰው ካለ ሁለቱንም ሌሊት ሐረር ማድረግ ያምረው ይሆናል፤ አርብ ሌሊት ግን ደንገጎን መውጣት ስለሚሆን አይመከርም። አርብ ድሬ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ያዙ።

እናት ወይም አባት ይዞ ለሚሄድ፣ ዳገት ለማይችል ሰው፣ ሐዋሳ በአውሮፕላን። ቀደም ብዬ "ብዙም አይታየኝም" ያልኩት ለጎልማሳ ነው። ለጉልበት ለደከመ ሰው አምስት ሰዓት መኪና ውስጥ ከመቀመጥ ያ አንድ ሰዓት ትርፍ ብዙ ነው፤ ከተማውም ሜዳ ነው። የጀጎል ድንጋይ መንገድ ለነሱ ይከብዳል።

ከውጭ ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነፃ የሆነለት ሰው ድሬዳዋና ሐረርን ያስቀድም፣ ባሕር ዳርን ደግሞ ስልክ ደውሎ ያጣራ። የአውሮፕላን ድካም ላይ ያለ ሰው የሐዋሳን መንገድ ራሱ ባይነዳ ይሻላል።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ሰዓት ነው። 07:00 የሚለውን ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው ብሎ እሁድ ከሰዓት ቦሌ ወይም ድሬ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ አውሮፕላኑ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄዷል። ምሽት ከሆነ 19:00 ነው የሚለው። የአብሮ ተጓዡንም ትኬት እዩለት።

ሻንጣ አትላኩ። ለሁለት ሌሊት በእጅ የሚያዝ 7 ኪሎ ይበቃል፤ ቀበቶው ላይ ሻንጣ መጠበቁ ይቀራል። መታወቂያችሁን ያዙ፤ ለአገር ውስጥ በረራም ይጠየቃል። እሁድ ሁለት የምሽት በረራ ካለ የመጨረሻውን ተዉት። የፊተኛው ቢሰረዝ ሁለተኛው አለ፤ የመጨረሻው ከተሰረዘ ሰኞ ጠዋት ለአለቃችሁ ከድሬዳዋ ነው የምትደውሉት።

ቀን መቁጠሪያውን ደግሞ ተመልከቱ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል በዓል ነው። ቁልቢ የሚሄደው ሕዝብ የድሬዳዋን በረራም ሆቴልም ይሞላዋል፤ በዚያው ቀን ሐዋሳም የገብርኤልን በዓል ለማክበር በሚመጣው ሰው ትጨናነቃለች። በዓሉ ከቅዳሜና እሁድ አጠገብ ከዋለ፣ ለመሳለም የማትሄዱ ከሆነ፣ ከአራቱ የቀሩላችሁ አዳማና ባሕር ዳር ናቸው።